ከስብሰባ በኋላ የምትልኪው ኢሜይል ለምን ትዕዛዝ መሰለ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ መሥሪያ ቤት የፕሮጀክት አስተባባሪ ነኝ፣ የማንም አለቃ ግን አይደለሁም። ማክሰኞ ዕለት ለሠራተኞች ሥልጠና ዝግጅት ተሰበሰብን። ሥልጠናው የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው። ከስብሰባው በኋላ ይህን ኢሜይል ላክሁ (ስሞቹን ቀይሬያለሁ)፦

> ርዕስ፦ አስቸኳይ! ከስብሰባ የወጡ ተግባራት
>
> ሰላም ሁላችሁም፣ በዛሬው ስብሰባ መሠረት የሚከተሉት ተግባራት እስከ ዓርብ እንዲጠናቀቁ አሳስባለሁ።
>
> 1. ዳንኤል፦ የሠልጣኞችን ዝርዝር አጽድተህ ላክ።
> 2. ሰናይት፦ የሥልጠናውን መመሪያ አስተካክዪ።
> 3. አቶ ግርማ፦ በጀቱን ያጽድቁ።
> 4. አዳራሽ ይፈለግ።
> 5. ሁሉም ሰው ከየክፍሉ የሚነሱ ጥያቄዎችን ያሰባስብ።
>
> እባካችሁ ቀነ ገደቡን አክብሩ።

ዳንኤል ለሁሉም በሚደርስ መልስ «ትዕዛዙ ደርሶኛል» ብሎ ጻፈ። ሌሎቹ ዝም አሉ። ዳንኤልና ሰናይት ሥራቸውን ስብሰባው ላይ ራሳቸው ነበሩ የወሰዱት። አዳራሹን ማን እንደሚይዘው ሳይለይ ነው የተበተንነው። አምስተኛው በኋላ የመጣልኝ ሐሳብ ነው። የበጀቱን ሠንጠረዥ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ባለፈው ወር «ጊዜ ካገኛችሁ»፣ «ቢቻል» እያልኩ አለስልሼ ጽፌ ነበር፣ ያኔ ደግሞ ማንም ምንም አልሠራም። እንዴት ልጻፈው? ይቅርታስ መጠየቅ አለብኝ?
ግራ የገባኝ አስተባባሪ

መልስ፦ እህቴ፣ ችግሩ ግልጽ መሆንሽ አይደለም። ስም፣ ሥራና ቀን ማስቀመጥሽ ልክ ነው፣ አንዱንም እንዳታወጪው። ባለፈው ወር አለዘብሽው፣ ሥራው ቆመ። አሁን አጠነከርሽው፣ ሰው ቅር አለው። ሁለቱም ጊዜ የነካካሽው የቃሉን ጥንካሬ ነው። መነካት ያለበት ሌላ ቦታ ነው፤ ሥራውን ለሰውዬው የሰጠው ማነው የሚለው።

ዳንኤልን ውሰጂ። ስብሰባው ላይ ማንም ሳያስገድደው «ዝርዝሩን እኔ አጸዳዋለሁ» አለ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተመልሶ ኢሜይሉን ሲከፍት «አጽድተህ ላክ» የሚል አገኘ። በራሱ ፈቃድ የያዘው ሥራ በአንድ መስመር የታዘዘው ሥራ ሆነበት። ቅር ያሰኘው ሥራው አይደለም፣ ቀድሞ ተስማምቶበታል። ፈቃደኛነቱ ተሰረዘበት። ያንን መልስ ለሁሉም የጻፈውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ስብሰባው ላይ የነበሩት ሰዎች እሱ ራሱ እንደወሰደው ያውቃሉ፣ አሁን ደግሞ አንቺ እንደሰጠሽው ያነባሉ።

ስለዚህ ከመጻፍሽ በፊት ማስታወሻሽን አውጪና እያንዳንዱ ሥራ ከየት እንደመጣ ለዪ። ካንቺ ዝርዝር ውስጥ ብቻ ሦስት ዓይነት አለ። አንዱ ሰው ራሱ የወሰደው ነው፣ እንደ ዳንኤልና እንደ ሰናይት። ሌላው እንዲሠራ የተወሰነ ግን ባለቤት ያላገኘ ነው፣ እንደ አዳራሹ። ሦስተኛው ስብሰባው ላይ ጭራሽ ያልተነሳ፣ አንቺ ቢሮሽ ከገባሽ በኋላ የመጣልሽ ነው፣ እንደ ጥያቄዎቹ። አንቺ ሦስቱንም «በዛሬው ስብሰባ መሠረት» ከሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሥር አስገባሻቸው፣ ሦስቱንም በአንድ ዓይነት ግሥ ጻፍሻቸው። ለመጀመሪያው ዓይነት ቃሉ በዝቶበታል። ለሁለተኛው አንሶታል። ለሦስተኛው ደግሞ እውነት አይደለም፣ ሰዎችም ወዲያው ያውቁታል። «ይሄ መቼ ተነሳ?» የሚል ሐሳብ አንዴ ከገባባቸው የቀሩትን አራቱንም በጥርጣሬ ነው የሚያነቧቸው።

ከቀላሉ እንጀምር። ሰው ራሱ የወሰደውን ሥራ አትስጪው፣ የተናገረውን መዝግቢለት። «ዳንኤል የሠልጣኞቹን ዝርዝር አጽድቶ ይልካል።» በቃ። እባክህ አያስፈልገውም፣ ብትችል አያስፈልገውም። «አጽድተህ ላክ» ከሚለው ጋር አስተያዪው፤ ስሙ አለ፣ ሥራው አለ፣ ቀን ብትጨምሪበት ቀኑም አለ፣ ግልጽነቱ ቅንጣት አልቀነሰም። የተለወጠው አንቺ ከመሐል መውጣትሽ ነው። አንባቢው የሚያየው ዳንኤልና ሥራውን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የግሡ መጨረሻ ብዙ ነገር ያደርጋል። «ሰናይት ታዘጋጃለች» ስትዪ የሚሆነውን እየተናገርሽ ነው፣ «ሰናይት ታዘጋጅ» ስትዪ ደግሞ እያዘዝሽ ነው። በችኮላ ስንጽፍ ሁለተኛው ይቀናናል፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሁሉ «ይቅረብ፣ ይላክ፣ ይፈጸም» ስለሚል እጃችን ለምዶታል። ከመላክሽ በፊት የየመስመሩን የመጨረሻ ቃል ብቻ ወደ ታች እያነበብሽ ውረጂ። ይልካል፣ ትጨርሳለች፣ ያደርሳሉ እያለ ከሄደ ጥሩ ነው። ላክ፣ ጨርሺ፣ ያድርሱ ካለ ትዕዛዝ ነው፣ ፊት ለፊቱ አሥር እባካችሁ ብትደረድሪም።

ይህ አጻጻፍ ሌላም ነገር ይፈታልሻል። ባንቺ ኢሜይል ውስጥ ዳንኤል አንተ ነው፣ ሰናይት አንቺ ናት፣ አቶ ግርማ እርስዎ ናቸው። ለእያንዳንዳቸው ብቻ ብትጽፊ ኖሮ ትክክል ነበር። በአንድ ዝርዝር ላይ ተደርድረው ሲታዩ ግን ማን የሚከበር ማን የሚላላክ እንደሆነ በአደባባይ ያወጣሽ ይመስላል። «ይልካል፣ ትልካለች፣ ይልካሉ» ስትዪ ክብሩም በቦታው ይቀመጣል፣ ማንንም አዘሽ አትታዪም። አንድ ገደብ ግን አለው። ለቡድን በሚላክ ኢሜይል ብቻ ነው የሚሠራው። ለዳንኤል ብቻ እየጻፍሽ «ዳንኤል ይልካል» ብትዪ ግራ ያጋባል። ለእሱ ብቻ ከሆነ «ዝርዝሩን ረቡዕ እልካለሁ ባልከው መሠረት የአዳራሹን ነገር በእሱ ላይ ተመሥርቼ እጀምራለሁ» ማለት ይበቃል።

«መመሪያውን አስተካክዪ» የሚለው ደግሞ ከትዕዛዝነቱ በላይ ሌላ ችግር አለበት፣ ምን ተሠርቶ ሲያልቅ አለቀ እንደሚባል አይናገርም። ሰናይት የፊደል ግድፈቱን አርማ ብትልክልሽ አስተካክላለች። ሁለት ምዕራፍ ጨምራ ብትልክልሽም አስተካክላለች። ሥራ ስታከፋፍዪ ሰውዬው የሚያደርገውን ሳይሆን በመጨረሻ እጃችን ላይ የሚገባውን ጻፊ። «ሰናይት ከየክፍሉ የመጡትን ጥያቄዎች ያካተተ፣ ለኅትመት ዝግጁ የሆነ ቅጂ ትልካለች።» እንዲህ ሲሆን እንዴት እንደምትሠራው የራሷ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል፣ የምታውቀውን ሥራ እንዳስተማርሻት አይሰማትም፣ አንቺም ምን እንደምትጠብቂ ታውቂያለሽ።

የባለፈው ወር ኢሜይልሽም የወደቀው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። «ዳንኤል፣ ጊዜ ካገኘህ ዝርዝሩን ብታየው ደስ ይለናል» ዓይነት ከነበረ፣ ዳንኤል አይቶት ሊሆን ይችላል። ከፈተው፣ ተመለከተው፣ ዘጋው። ጊዜ ካገኘህ ስላልሽው ጊዜ አላገኘም፣ ብታየው ስላልሽው ማየት በቂ ነበር። ሰውዬው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፣ ኢሜይልሽ ሥራ አልሰጠውም።

ወደ አቶ ግርማ ስንመጣ «በጀቱን ያጽድቁ» የሚለውን ጨርሶ አውጪው። ማጽደቅ የሳቸው ሥልጣን ነው፣ ላያጸድቁም ይችላሉ። እንደ ቤት ሥራ ዝርዝር ውስጥ ስታስገቢው ውሳኔውን አስቀድመሽ የወሰንሽባቸው ይመስላል። ደግሞስ ምኑን ያጽድቁ? ሠንጠረዡ ገና አልተሠራም፣ የምትሠሪው ደግሞ አንቺ ነሽ፣ ዝርዝሩ ላይ ግን የለሽም! እንደ እኔ እንደ እኔ ኢሜይሉን ከሁሉም በላይ ያበላሸው ይሄ ነው። አራት መስመር ለሌሎች፣ አንድ ለማንም፣ ላንቺ ምንም። እንዲህ ያለ ዝርዝር የሚጽፈው ተቆጣጣሪ ነው። የራስሽን ሥራ ከነቀኑ፣ እንደሌሎቹ በተመሳሳይ ቅርጽ አስገቢው። ከዚያ የአቶ ግርማ መስመር በራሱ ይስተካከላል፤ መጀመሪያ አንቺ ሠንጠረዡን ታደርሺያለሽ፣ ቀጥሎ አዳራሹን ለማስያዝ የሳቸው ውሳኔ እስከ መቼ እንደሚያስፈልግ ትናገሪያለሽ። «አዳራሹን ዓርብ ከሰዓት ለማስያዝ የአቶ ግርማ ውሳኔ እስከ ዓርብ ቀትር ያስፈልገናል» የሚለው አይጫናቸውም፣ ግን ቢዘገዩ ምን እንደሚሆን ያሳያቸዋል።

አሁን ስለ ዓርብ እናውራ። ሁሉንም ሥራ እስከ ዓርብ ብለሻል። ሥራዎቹን ግን ቀስ ብለሽ እያቸው። የአዳራሹ ስፋት የሠልጣኞቹን ቁጥር ይፈልጋል፣ እሱ ዳንኤል ጋ ነው። በጀቱ የአዳራሹን ዋጋ ይፈልጋል። የአቶ ግርማ ውሳኔ በጀቱን ይፈልጋል። የሰናይት መመሪያ የየክፍሉን ጥያቄዎች ይፈልጋል። ሁሉም ዓርብ ማታ ከደረሰ ሰናይት ጥያቄዎቹን የምታገኘው መመሪያውን ማስረከብ ባለባት ሰዓት ነው፣ አቶ ግርማም ያልተሠራ በጀት ሊያጸድቁ ነው። ሰዎች ይህን ያያሉ፣ አይናገሩትም እንጂ። አንድ ቀን ለሁሉም ሲሰጥ ያ ቀን የዘፈቀደ ይመስላል፣ የዘፈቀደ ቀን ደግሞ ትዕዛዝ ነው። ቀኑ ምክንያት ካለው ግን የሥራው ጠባይ ይሆናል። «ረቡዕ ማታ፣ የአዳራሹ ስፋት በዚህ ቁጥር ስለሚወሰን» ካልሽ ዳንኤል የሚያስበው ስላንቺ ሳይሆን ስለ አዳራሹ ነው።

ምክንያቱ አጭር ይሁን፣ ከአንድ ሐረግ አይብለጥ። ሦስት መስመር ማብራሪያ ከጻፍሽ ራስሽን እየተከላከልሽ ያስመስልብሻል። ምክንያት ያጣሽለት ቀን ካለ ደግሞ እውነተኛ ቀን ላይሆን ይችላል፣ ቆም ብለሽ ጠይቂው። እውነተኛው ሰኞ ሆኖ ለመጠባበቂያ ብለሽ ዓርብ ብለሽ ከሆነ ሰኞ በይ። ሰው አንዴ የውሸት ቀን መሆኑን ካወቀ ቀጣዮቹንም አያምናቸውም።

«አዳራሽ ይፈለግ» የሚለው በጣም ትዕዛዝ የሚመስል ግን ማንንም የማያዝዝ መስመር ነው። አምስት ሰው አነበበው፣ አምስቱም ሌላው የሚያደርገው መሰለው። ይህን ኢሜይል ላይ አትፈቺውም። ባለቤት የሌለው ሥራ ባለቤት የሚያገኘው ከኢሜይሉ በፊት ነው። አንድ ሰው መርጠሽ ደውዪ ወይም ጠረጴዛው ድረስ ሂጂ፦ «የአዳራሹን ነገር ሳንጨርስ ተበተንን፣ ሁለት ቦታ ዋጋ ጠይቀሽ ሐሙስ ልትነግሪኝ ትችያለሽ?» እሺ ካለችሽ፣ ለምሳሌ ሄለን እንበላት፣ ይህም እንደ ዳንኤል ሥራ ራሷ የወሰደችው ይሆናል፣ ያለ ጭንቀት ትመዘግቢዋለሽ። ማንም ካልተገኘ በሐቀኝነት ጻፊው፦ «የአዳራሹን ሥራ ማን እንደሚይዘው አልጨረስንም፣ ነገ ጠዋት የሚችል ሰው ቢነግረኝ።» ሄለንን ሳታናግሪ «ሄለን ታፈላልጋለች» ብለሽ መጻፍ ግን ከመጀመሪያው ትዕዛዝ የባሰ ነው። ትዕዛዝን እምቢ ማለት ይቻላል። እኔ ሄለንን ብሆንና ያልገባሁትን ቃል ገብተሻል ብባል ግን በሰው ፊት ውሸታም ላደርግሽ ነው ወይም አፌን ዘግቼ ልሠራው ነው።

በዚሁ ላይ «እስከ ነገ ካልሰማሁ እንደተስማማችሁ እቆጥረዋለሁ» የሚሉ አሉ። ለተመዘገበው ነገር ትክክለኛነት ይሠራል፣ «ያጣመምኩት ካለ አርሙኝ» ለማለት ያህል። አዲስ ሥራ ለመስጠት ግን አትጠቀሚበት። ዝምታን እንደ እሺታ ቆጥረሽ የሰጠሽው ሥራ በዝምታ ነው የሚቀረው።

አምስተኛው፣ ከበኋላ የመጣልሽ ሐሳብ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ መመሪያው ከየክፍሉ ጥያቄ ተነስቶ ቢጻፍ ሥልጠናው ይጠቅማል። ነገር ግን ስብሰባው ያልወሰነውን ስብሰባው ወሰነ አትበዪ። የራስሽ ጥያቄ መሆኑን በግልጽ ጻፊ፣ ከሌሎቹ ለይተሽ አስቀምጪው። «ሁሉም ሰው» የሚለውንም ተዪው፣ ማን ለማን ምን ያህል እንደሚልክ ተናገሪ። ለምሳሌ ከእያንዳንዱ ክፍል ሦስት ጥያቄ ለሰናይት። ሦስት ስትዪ ሰው አምስት ደቂቃ እንደሚበቃው ይገባዋል። «ጥያቄዎችን ያሰባስብ» ስትዪ ግን ሰውዬው የጽሑፍ መጠይቅ ማዘጋጀት ያለበት ይመስለዋል፣ እሱ ደግሞ ለነገ ይላል፣ ነገ ደግሞ ለነገ ወዲያ። ሰናይትንም ቀድመሽ ጠይቂያት፣ ሥራ የሚጨመርባት እሷ ናት።

ይህ ሁሉ ሲገጣጠም ኢሜይሉ እንዲህ ይሆናል።

> ርዕስ፦ የሐሙሱ ሥልጠና ዝግጅት፦ ማን ምን እንደያዘ እና ቀኖቹ
>
> ሰላም ለሁላችሁም፣
>
> ዛሬ የተነጋገርነውን እንዳይረሳ በጽሑፍ አስቀምጫለሁ። አንዱ ሥራ ሌላውን ስለሚጠብቅ በቅደም ተከተል ነው።
>
> ረቡዕ ማታ፦ ዳንኤል የተደጋገሙ ስሞች የወጡበትን የሠልጣኞች ዝርዝር ይልካል። የአዳራሹ ስፋት በዚህ ቁጥር ነው የሚወሰነው።
>
> ሐሙስ ቀትር፦ ሄለን የሁለት አዳራሾችን ዋጋ ጠይቃ ትነግረኛለች።
>
> ሐሙስ ማታ፦ እኔ የበጀቱን ሠንጠረዥ ጨርሼ ለአቶ ግርማ አደርሳለሁ።
>
> ዓርብ ቀትር፦ አዳራሹን ከሰዓት በኋላ ለማስያዝ እስከዚህ ሰዓት የአቶ ግርማ ውሳኔ ያስፈልገናል።
>
> ሰኞ ጠዋት፦ ሰናይት ለኅትመት ዝግጁ የሆነውን መመሪያ ትልካለች። ማክሰኞ ይታተማል።
>
> አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ከእኔ፣ ስብሰባው ላይ ያላነሳሁት፦ ከየክፍላችሁ ሠራተኞች አብዝተው የሚጠይቋቸውን ሦስት ጥያቄዎች እስከ ሐሙስ ማታ ለሰናይት ብትልኩላት መመሪያው ውስጥ ታስገባቸዋለች። የማይመቸው ክፍል ካለ መመሪያው ያለ እሱ ይቀጥላል።
>
> ያጣመምኩት ወይም የዘለልኩት ካለ፣ ቀኑ የማይመቸው ካለም፣ ነገ እስከ ቀትር ንገሩኝ፣ አስተካክዬ እልከዋለሁ።

ርዝመቱ ካንቺ ትንሽ ይበልጣል፣ ግድ የለም። ዳንኤል የሚያነበው የራሱን መስመርና ከሱ ሥራ በኋላ የሚመጣውን ነው። ቀኑ ከስሙ በፊት መምጣቱንም ልብ በይ። ስም ሲቀድም ዝርዝሩ የሰዎች ዝርዝር ይሆናል፣ ማን ምን ያህል እንደተጫነበት ማነጻጸር ይጀመራል። ቀን ሲቀድም የሥራው አካሄድ ነው የሚታየው። ሰዎቹ ብዙ ከሆኑና እያንዳንዳቸው ሦስት አራት ሥራ ከያዙ ግን በስም መደርደሩ ይሻላል፣ አለዚያ ሰው የራሱን ፍለጋ ይዳክራል። ለአምስት ስድስት መስመር በቀን ይሁን።

ዳንኤል ረቡዕ ማታ ይልካል ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሱ አላለም። አንቺ የጻፍሽለት ዓርብ ነበር። ስለዚህ ቀኑን ከመጻፍሽ በፊት እሱንም ጠይቂው። ረቡዕ አልችልም ካለሽ ቁጥሩን ብቻ ረቡዕ፣ የጸዳውን ዝርዝር ዓርብ ሊሰጥሽ ይችላል። ለአዳራሹ ቁጥሩ ይበቃል። ምክንያቱን ስታውቂው እንዲህ ያለ መውጫ ይገኛል።

መጨረሻው ላይ «ቀነ ገደቡን አክብሩ» የሚለውን ያወጣሁት ገና ማንም ያላጠፋውን ጥፋት ስለሚገሥጽ ነው። በምትኩ የገባው መስመር ሰው ቀኑን እንዲያስለውጥ በር ይከፍታል፣ በሩ ግን ነገ ቀትር ይዘጋል። ይህ ሰዓት አስፈላጊ ነው። «ካልተመቻችሁ ንገሩኝ» ብለሽ ብቻ ከተውሽው ዓርብ ማታ ነው የሚነግሩሽ። «አሳስባለሁ» የሚለውንም በዚሁ ምክንያት አወጣሁት፣ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላይ የለመድነው ቃል ነው። «አስቸኳይ!» የሚለውም ይውጣ፤ ቀኖቹ ራሳቸው አጣዳፊነቱን ይናገራሉ፣ ሁሌ አስቸኳይ የምትዪ ከሆነ ደግሞ በእውነት ሲቸኩል የምትዪው ያልቅብሻል።

ሲሲ ላይ ማን ማን እንዳለ አልነገርሽኝም። ስብሰባው ላይ ያልነበረ የበላይ ኃላፊ እዚያ ካለ ምንም ያህል ብታሳምሪው ክስ ይመስላል። ኃላፊው ማወቅ ካለባቸው ለሳቸው ለብቻ ሁለት መስመር ጻፊላቸው፣ ወይም ስብሰባው ላይ «ማስታወሻውን ለኃላፊያችንም እልካለሁ» ብለሽ አስቀድመሽ ተናገሪ።

ከሁሉ የሚቀልልሽ ግን ነገሩን ኢሜይል ሳይደርስ መጨረስ ነው። ስብሰባው ሊበተን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ማስታወሻሽን ጮክ ብለሽ አንብቢ። «ዳንኤል፣ ዝርዝሩ አንተ ጋ ነው አይደል? መቼ ይደርስሃል?» ቀኑን እሱ ይናገር፣ አንቺ ጻፊ። የሱ ቀን ከዘገየ እዚያው «የአዳራሹ ነገር ይቆምብናል» ትዪዋለሽ፣ እዚያው ትጨርሳላችሁ። «አዳራሹን ማን ይያዘው?» ስትዪ ዝም ከተባለ ዝምታው እስኪሰበር ጠብቂ፣ ራስሽ አትሙዪው። ከዚያ ኢሜይሉን በዚያው ቀን ላኪው። ሁለት ቀን ካደረ ሰው የተናገረውን ይረሳል፣ ያስታወስሽው ደግሞ እንደ አዲስ ሥራ ይሰማዋል።

ጥሩ መጻፍሽን በምን ታውቂያለሽ? እርማት ከመጣልሽ ጥሩ ነው። «ረቡዕ ሳይሆን ሐሙስ ጠዋት አድርጊልኝ» የሚል መልስ ማለት ሰውዬው ሥራውን የራሱ አድርጎ እያሰበበት ነው ማለት ነው። «ምን ማለትሽ ነው?» ካለሽ ሥራውን አልገለጽሽም። «ይሄ የኔ አልነበረም» ካለሽ ለሁሉም በሚደርስ መልስ አትከራከሪ፣ ደውዪ፣ ከዚያ የተስተካከለውን ላኪ። ሁሉም ዝም ካሉ ደግሞ ቅር ብሏቸው ይሁን ተስማምተው በዝምታው ብቻ አታውቂም፣ ረቡዕ ከሰዓት ዳንኤልን በአካል ጠይቂው።

ቀኑ ካለፈ ማስታወሻውን ለሰውዬው ብቻ ላኪ፣ አጭር አድርጊው። «ዳንኤል፣ አዳራሹን ለመጠየቅ ቁጥሩን እየጠበቅን ነው፣ ዛሬ ማታ ይደርሳል?» በቂ ነው። «በድጋሚ አስታውሳለሁ» አትበዪ፣ ለሁሉም አትላኪ። ሁለት ጊዜ ጠይቀሽው ካልሠራ ከዚያ በኋላ የአጻጻፍ ጉዳይ አይደለም፣ የአለቃው ጉዳይ ነው። አንቺ አለቃ ስላልሆንሽ በቃላት ልታሠሪው አትችዪም፣ በዚያም ራስሽን አትውቀሺ።

አንዳንዴ ደግሞ በእውነት ትዕዛዝ ይኖራል። አቶ ግርማ ስብሰባው ላይ «ይህ ዓርብ ካላለቀ ሥልጠናው ይራዘማል» ብለው ወስነው ከሆነ እንደዚያው ጻፊ፦ «አቶ ግርማ በወሰኑት መሠረት።» ውሳኔያቸውን «ተስማምተናል» ብለሽ አታለስልሺው። ያልተስማማ ሰው ተስማምቷል ሲባል ይናደዳል፣ የተወሰነበትን እንደተወሰነበት ብትነግሪው ግን ይቀበለዋል።

የይቅርታውን ነገር ልጨርስልሽ። ደብዳቤሽ እዚህ እስኪወጣ ሥልጠናው ሳያልፍ አይቀርም፣ ስለዚህ ለሁሉም የይቅርታ ኢሜይል አትጻፊ። የረሱትን ታስታውሻቸዋለሽ፣ ደግሞም ሥራና ቀን በመጻፍሽ ይቅርታ የጠየቅሽ ይመስላል፣ በቀጣዩም ጊዜ እጅሽ ይታሰራል። ዳንኤልን ግን በአካል አግኚው። «ዝርዝሩን አንተ ራስህ ነበርክ የወሰድከው፣ እኔ እንዳዘዝኩህ አድርጌ ጻፍኩት፣ ልክ አልነበረም» በዪው። ሌላ ማብራሪያ አትጨምሪ። በቀጣዩ ስብሰባ ላይ ማስታወሻሽን ጮክ ብለሽ ስታነቢ ደግሞ ከሱ ጀምሪ፣ ቀኑንም እሱ ይንገርሽ።